ከማስታወስ እስከ መተንተን፦ በትምህርት ዕቅድ ውስጥ ስለሚገቡ ጥያቄዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተጻፈው በድሬዳዋና በሐረር ለሚያስተምሩ የኅብረተሰብ ትምህርት መምህራን ነው። ምሳሌው በሙሉ ከአንድ ክፍለ ጊዜ የተወሰደ ነው። ክፍሉ 8ኛ፣ ጊዜው 40 ደቂቃ፣ ርዕሱ «የምድር ባቡሩ ለምን ሐረር አልወጣም?» የሚል ነው። ርዕሱን የመረጥኩት የድሬዳዋ ልጅ ሁሉ ስለ ባቡሩ የሚያወራው ነገር ስላለው ነው። ግን አብዛኛው ልጅ ወሬውን ያውቀዋል እንጂ ምክንያቱን አስቦበት አያውቅም።

የጥያቄ ቅደም ተከተል ሲባል ምን ማለት ነው? ቀላሉን አስቀድሞ ከባዱን ማስከተል አይደለም እንዴ?

በከፊል ነው። ግን ቀላል ጥያቄና ከባድ ጥያቄ ደርድረን ስንጨርስ ብዙ ጊዜ የሚቀረን አምስት የማይገናኙ ጥያቄዎች ናቸው። ቅደም ተከተል የሚባለው የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ለሁለተኛው ጥያቄ ዕቃ ሆኖ ሲያገለግል ነው። ተማሪው በአንደኛው ጥያቄ የተናገረውን በሦስተኛው ካልተጠቀመበት አንደኛው ጥያቄ እዚያ ቦታ ላይ ምንም አይሠራም።

ደረጃዎቹን አብዛኞቻችን ከኮሌጅ እናውቃቸዋለን። ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ በ1956 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ያወጡት ዝርዝር ነው፤ ማስታወስ፣ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን እያለ ይቀጥላል። ለአንድ ክፍለ ጊዜ ግን ሁሉንም መንካት አያስፈልግም። ከማስታወስ ተነስቶ በመረዳት በኩል መተንተን ላይ መድረስ ለ40 ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው።

ዕቅዱን ስጽፍ ከየትኛው ጥያቄ ልጀምር?

ከመጨረሻው። ክፍል ውስጥ መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው ዕቅዱ ላይ መጀመሪያ ይጻፋል። ከዚያ «ይህን ለመመለስ ልጁ ምን ምን በእጁ መያዝ አለበት?» እያልን ወደ ኋላ እንሄዳለን።

በምሳሌያችን የመጨረሻው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ባቡሩ ከዳገቱ በታች መቅረቱ በድሬዳዋና በሐረር ንግድ ላይ ምን ለወጠ? ከሰሌዳው ላይ ቢያንስ ሁለት ማስረጃ አንስታችሁ አስረዱ።» ይህን ለመመለስ ተማሪው ባቡሩ ከየት ተነስቶ መቼ እንደደረሰ ማወቅ አለበት። ሁለቱ ከተሞች በከፍታ ምን ያህል እንደሚለያዩ ማወቅ አለበት። ባቡር ዳገት ለምን እንደሚከብደው መረዳት አለበት። ሐረር ቀድሞም የንግድ ከተማ እንደነበረችም መዘንጋት የለበትም። ከእነዚህ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጥያቄ ይሆናሉ። ለዚህ ዝርዝር የማይጠቅም ጥያቄ፣ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ለሌላ ቀን ይቀመጣል።

እሺ፣ ሙሉውን አንድ ጊዜ ያሳዩን።

መምህሯ ከመጀመሯ በፊት ሰሌዳው ላይ እነዚህን ትጽፋለች። የመጀመሪያው የባቡር ውል በ1886 ዓ.ም. ሲፈረም የመጀመሪያው ክፍል ከጂቡቲ እስከ ሐረር እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሥራው ከጂቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ሌላ አይጻፍም። ምክንያቱ አይጻፍም፤ ምክንያቱን የሚያወጡት ልጆቹ ናቸው።

*ጥያቄ 1፦ ባቡሩ ከየት ተነስቶ፣ በስንት ዓመቱ ድሬዳዋ ደረሰ?*

ማስታወስ ነው፤ ከሰሌዳው ማንበብም ይቻላል። የሚጠበቀው መልስ «ከጂቡቲ፣ በአምስት ዓመቱ» ነው። የሚጠበቁ ስህተቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ከአዲስ አበባ ተነስቶ» የሚል ነው፤ ልጁ ባቡር ሁሉ ከዋና ከተማ የሚነሳ ይመስለዋል። ለዚህ «ሐዲዱና ሞተሩ ከውጭ አገር በምን መጣ?» ተብሎ ይጠየቃል። በመርከብ ካለ ወደቡ ራሱ ጂቡቲን ይነግረዋል። ሁለተኛው ስህተት በዚህ ዘመን ልጆች ላይ የታወቀ ነው፤ «ቻይናዎች ናቸው የሠሩት» ይላሉ። አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ማለታቸው ነው። እሱ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ ሌላ መስመር ነው። ይህን ስህተት ዕቅድ ላይ ያልጻፈ መምህር ክፍል ውስጥ አሥር ደቂቃ ይበላበታል። የጻፈ ግን «የትኛው ባቡር? ከዚራ ያለው የድሮው ጣቢያ ወይስ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው?» ብሎ በአንድ ጥያቄ ይዘጋዋል።

*ጥያቄ 2፦ ሐረር ከድሬዳዋ በስንት ሜትር ከፍ ትላለች? ከድሬ ወደ ሐረር በታክሲ ስትሄዱስ ይህን የት ላይ ታዩታላችሁ?*

የመጀመሪያው ግማሽ ቀላል መቀነስ ነው፤ ወደ 700 ሜትር። ሁለተኛው ግማሽ ቁጥሩን ከሚያውቁት መሬት ጋር ያገናኘዋል። የሚጠበቀው መልስ «ደንገጎ» ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ፣ ሲኖትራኮቹ ሲያቃስቱ፣ ጆሮ ሲደፈን ያዩት ነገር ነው። «700 ኪሎ ሜትር» የሚል ልጅ መምጣቱ አይቀርም። እሱን አርሞ ማለፍ ብቻ በቂ አይደለም፤ «በመንገድ ርዝመት ነው ወይስ ወደ ላይ ነው የምናወራው?» ብሎ መለየት ያስፈልጋል። ርዝመትና ከፍታ ከተደባለቁበት ቀጣዩን ጥያቄ ሊመልሰው አይችልም።

*ጥያቄ 3፦ መኪና ደንገጎን ይወጣል። ባቡር ለምን ይቸግረዋል? በራሳችሁ ቃል አስረዱ።*

መረዳት ነው። ብዙዎቹ «ስለሚከብድ» ይላሉ። ግማሽ መልስ ነው፤ ሲኖትራክም ይከብዳል። ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ ዕቅዱ ላይ ተጽፎ ይጠብቃል፦ «የመኪና ጎማ ከምን ተሠራ? የባቡርስ? የሚሄድበትስ?» ጎማ በአስፋልት ላይ ይይዛል፤ ብረት በብረት ላይ ግን ይንሸራተታል። መምህሯ እዚህ ላይ አንድ መረጃ ትጨምራለች፦ ለባቡር በየ100 ሜትሩ 2 ወይም 3 ሜትር መውጣት እንኳ ብዙ ነው። «ታዲያ ዳገቱን ለማለስለስ ምን ይደረጋል?» ስትል «ዙሪያ ጥምጥም መሄድ፣ ድልድይ፣ ዋሻ» የሚሉ መልሶች ይመጣሉ። «ይህ ሁሉ በምን ይሠራል?» ስትል ደግሞ «በብር» ይላሉ። አሁን ምክንያቱ በልጆቹ አፍ ተነገረ።

*ጥያቄ 4፦ ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ሐረር ውስጥ ምን ይነገድ ነበር? ዕቃው ወደ ባሕር እንዴት ይወርድ ነበር?*

አንድ እርምጃ ወደ ማስታወስ የወረደች ትመስላለች፤ ሆን ተብሎ ነው። ለመጨረሻው ጥያቄ ይህ ቁራጭ ይጎድል ነበር። የሚጠበቀው መልስ ቡና፣ ቆዳ፣ ከሲራራ ነጋዴ ጋር የሚጓዙ ግመልና በቅሎዎች ነው። «ጫት» የሚል ይኖራል፤ ተቀብሎ ማለፍ ይቻላል፤ የዛሬውን ንግድ ወደ ድሮው ሲወስደው ግን ማስተዋል ነው።

*ጥያቄ 5፦ የመጨረሻው፣ ከላይ የተጻፈው።*

እዚህ ላይ አራት ዓይነት መልስ ይጠበቃል። «ድሬዳዋን ጠቀማት» የሚለው አንድ ወገን ብቻ ያየ ነው። «ሐረር ወደቀች» የሚለው ደግሞ አጋኖ የደመደመ ነው። «አፄ ምኒልክ ስለፈለጉ ነው» የሚለው ሰውን እንጂ ምክንያትን አላየም። ጥሩው መልስ ወደዚህ ይጠጋል፦ «ባቡሩ ዳገቱን መውጣት ውድ ስለሆነበት ከታች ቀረ። ስለዚህ የሐረር ቡና በእንስሳ ወደ ድሬዳዋ እየወረደ እዚያ መጫን ጀመረ። መጋዘንና ነጋዴም ዕቃው ወደሚጫንበት ሄደ። ሐረር ግን ቡናው የሚሰበሰብባት ሆና ቀጠለች።» ይህ ትንተና ነው። ቁራጮቹን ለይቶ መልሶ በምክንያት አያይዟል። የ8ኛ ክፍል ልጅ በዚህ ውበት አይናገረውም፤ ከሁለቱ ማስረጃ አንዱን ረስቶ ቢናገረውም ይበቃል።

«ለምን» ብዬ ከጠየቅኩ ትንተና ነው አይደል?

አይደለም። ከሁሉም የሚበዛው ስህተት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። መጽሐፉ «ባቡሩ ዳገቱ ስለከበደው ሐረር አልወጣም» ብሎ ከጻፈ፣ ተማሪው «ለምን አልወጣም?» ሲባል ዓረፍተ ነገሩን ይደግመዋል። ጥያቄው «ለምን» ቢልም የተሠራው ሥራ ማስታወስ ነው። በተቃራኒው «ስንት ሜትር?» የሚል ጥያቄ፣ ልጁ ከሁለት ካርታ አወዳድሮ ካወጣው ከማስታወስ ያልፋል።

ስለዚህ ደረጃው የሚለካው በጥያቄው ቃል ሳይሆን ልጁ መልሱን ለማግኘት ባደረገው ነው። መለያው ቀላል ነው። መልሱ በአንድ ገጽ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ይገኛል? ከተገኘ ማስታወስ ነው። መልሱን ለማግኘት ቢያንስ ሁለት ነገር ማያያዝ ካስፈለገ ወደ ላይ ወጥተናል። ዕቅድ ላይ «ይተነትናሉ» የሚል ግስ ጽፎ ከሥር መጽሐፉ የመለሰውን ጥያቄ ማስቀመጥ ሱፐርቫይዘሩን ያሳልፋል፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ምንም አይለውጥም።

ሰሌዳው ላይ ምክንያቱን ሳይጽፉ መተው ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ተጽፎ ቢሆን ጥያቄ 5 ወዲያው ወደ ማስታወስ ይወርድ ነበር።

የሚጠበቁ መልሶችን በምን ልገምት? ልጆቹ ምን እንደሚሉ አላውቅም።

ከሦስት ቦታ ይገኛሉ። አንደኛው ያለፈው ፈተና ወረቀት ነው፤ ተማሪዎች በጽሑፍ የሚደጋግሙት ስህተት በቃልም ይመጣል። ሁለተኛው ልጆቹ የሚኖሩበት ሰፈር ነው። የመጋላ ልጅ ስለ ንግድ የሚያውቀው የከዚራ ልጅ ከሚያውቀው ይለያል። «የቻይና ባቡር» የሚለው ስህተት የመጣው ልጁ ስላላጠና ሳይሆን በዓይኑ ያየው ባቡር እሱ ስለሆነ ነው። ሦስተኛው ጥያቄውን ለአንድ ሌላ ትምህርት ለሚያስተምር ባልደረባ ማቅረብ ነው። የሒሳብ መምህሩ በሻይ ሰዓት «ባቡር ለምን ዳገት አይወጣም?» ሲባል የሚመልሰው የመጀመሪያ ነገር ብዙ ጊዜ ተማሪውም የሚለው ነው።

ለአንድ ጥያቄ ሦስት መልስ ይበቃል፦ ሙሉው፣ ግማሹ፣ የተሳሳተው። ለእያንዳንዱ ደግሞ የመምህሩ ቀጣይ ጥያቄ ይጻፋል። «አይደለም፣ ሌላ?» የሚል ቀጣይ ጥያቄ አይቆጠርም። እሱ ጥያቄውን ወደ ሌላ ልጅ ያስተላልፈዋል እንጂ የተሳሳተውን ልጅ የትም አያደርሰውም።

ሁሉም ጥያቄ ግን ይህን ያህል ድካም አይጠይቅም። ለጥያቄ 1 ሁለት መስመር ይበቃል። ለጥያቄ 3 እና ለጥያቄ 5 ግማሽ ገጽ ቢወጣባቸው አይበዛም።

ጥያቄ 5 ላይ ክፍሉ ጸጥ ቢልስ?

በመጀመሪያ፣ ጊዜ ሰጥተዋል? ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁትን ጊዜ ለክታ ነበር። በአማካይ ወደ አንድ ሰከንድ ሆኖ ተገኘ። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ሳይጠሩ የሚመልሱትም በዙ። ለማስታወስ ጥያቄ ሦስት ሰከንድ ይበቃል። ለትንተና ግን አይበቃም። ለጥያቄ 5 አንድ ሙሉ ደቂቃ ለብቻ እንዲያስቡ፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ ከጎናቸው ካለው ጋር እንዲያወሩ መስጠት ይሻላል። ይህ ዕቅዱ ላይ በደቂቃ ካልተጻፈ ክፍል ውስጥ አይገኝም።

እዚህ ከተማ ሌላም ምክንያት አለ። በአማርኛ በሚማር ክፍል ውስጥ ቤቱ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ወይም ሐረሪኛ የሚያወራ ልጅ ብዙ ነው። ማስታወስን በአማርኛ ይወጣዋል፤ ዓመትና ስም ነውና። ምክንያት ማያያዝ ላይ ሲደርስ ግን ሐሳቡ ሳይሆን ቋንቋው ያጥረዋል። በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ጥንዶቹ በሚቀላቸው ቋንቋ ያውሩ። ከዚያ መልሱን በአማርኛ ለክፍሉ ያቅርቡ። ዝም ያለው ልጅ ሁሉ ያልገባው አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ዝምታ ከሆነ፣ ጥያቄ 5ን ደጋግሞ መጠየቅ አይረዳም። አንድ ደረጃ ወርዶ መግባት ይሻላል፦ «እናንተ በ1895 የሐረር ቡና ነጋዴ ናችሁ እንበል። ባቡሩ ታች ነው። መጋዘናችሁን የት ትሠራላችሁ? ለምን?» ይህ ያው ጥያቄ ነው፤ ግን ልጁ የሚቆምበት ቦታ ሰጠነው። በዚህም ካልሄደ ችግሩ ከጥያቄ 3 ነው የመጣው። ባቡሩ ለምን እንደቀረ ያልገባው ልጅ ነጋዴው ለምን እንደወረደ አይገባውም። ወደዚያ መመለስ ነው።

60 ተማሪ አለኝ። የሚመልሱት ግን ያው አምስቱ ናቸው።

እጅ ማውጣትን ለጥያቄ 1 እና 2 ብቻ ይተዉት። ለጥያቄ 3 ሁሉም ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ይጻፍ፤ መምህሩ በመደዳዎቹ መሃል እየዞረ ያንብብ። እዚያ ነው የሚጠበቁ መልሶችን መጻፍ የሚጠቅመው። «ስለሚከብድ» የሚለው ግማሽ መልስ ስንት ደብተር ላይ እንዳለ በአንድ ዙር ይታያል። ክፍሉ ግማሹ ያንን ከጻፈ ጥያቄ 4 ይቆይ፤ የጎማውና የብረቱ ጥያቄ ለሁሉም ይቅረብ። ጥቂቶች ብቻ ከሆኑ እነሱ ጠረጴዛ ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

የሚሞላው የዕቅድ ቅጽ ለዚህ ቦታ የለውም። የት ልጻፈው?

«የመምህሩ ተግባር» በሚለው አምድ ጥያቄዎቹ፣ «የተማሪው ተግባር» በሚለው የሚጠበቁ መልሶች ይገባሉ። ብዙ ጊዜ እነዚህ አምዶች «ማብራሪያ ይሰጣል»፣ «ያዳምጣሉ» በሚል ነው የሚሞሉት። ቦታ ካነሰ ጥያቄ 3 እና 5 ብቻ በተለየ ወረቀት ተጽፈው ከዕቅዱ ጋር ይያያዙ።

ለጥያቄ 5 በጽሑፍ ሲመልሱ ነጥብ እንዴት ልስጥ? ሁሉም ሰው የተለያየ ነገር ይጽፋል።

ከአምስት ነጥብ እንበል። ለውጡን በሁለቱም ከተሞች በኩል ካሳየ ሁለት። ከሰሌዳው ያነሳው እያንዳንዱ ማስረጃ አንድ አንድ፣ እስከ ሁለት። ማስረጃውን ከለውጡ ጋር «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም» ወይም «ምክንያቱም» ብሎ ለማያያዝ ከሞከረ አንድ። በዚህ መለኪያ «ሐረር ወደቀች፣ ምክንያቱም 1,900 ሜትር ላይ ነች» ብሎ የጻፈ ልጅ ሁለት ነጥብ ያገኛል፤ አንዱ ለማስረጃው፣ አንዱ ከለውጡ ጋር ላያያዘበት ሙከራ። ድምዳሜው የተጋነነ ቢሆንም የሠራውን አይነፈግም፤ ከጎኑ «ቡናው ከየት ነበር የሚመጣው?» ተብሎ ይጻፍለታል። ዓመቶቹን በሙሉ በትክክል ደርድሮ ምንም ያላያያዘ ልጅ ግን ቁጥሮቹ ማስረጃ የሚሆኑለት አንድ ነገር ሲያስረዱ ብቻ ነውና ነጥብ አያገኝም። ይህን መለኪያ ከመጻፋቸው በፊት ሰሌዳ ላይ አስፍሩላቸው።